ምሰሶው ከመቆረጡ በፊት

ባለፈው ክረምት ቡሬ አካባቢ ወዳለው ቀበሌያችን ስመለስ፣ በልጅነቴ የቀራሁበት አሮጌ መስጊድ የበረንዳ ምሰሶዎች ተነቅለው በብረት ሊተኩ ነበር። ስድስቱም የጥድ ናቸው። «ምስጥ ጨርሷቸዋል» ተባለ። መጀመሪያ እንድመረምራቸው ኡስታዛችንን ጠየቅኋቸውና ፈቀዱልኝ። የያዝኩት ወስፌ፣ መዶሻና ሜትር ብቻ ነበር።

በመጀመሪያ በዪውን መለየት ያስፈልጋል። ምስጥ ከመሬት ተነስቶ በጭቃ በሠራው ጠባብ መንገድ ውስጥ ይወጣል፤ የእንጨቱን ገጽ ስስ አድርጎ ትቶ ውስጡን ይበላል። እንጨት የሚበላ ጥንዚዛ ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችና የላመ ዱቄት ይተዋል። ፈንገስ ግን ቀዳዳ የለውም። አንደኛው ዓይነት እንጨቱን ያጠቁረዋል፤ በቁመትም በአግድምም ሰነጣጥቆ በጣት የሚደቅቅ ያደርገዋል። የእኛ ምሰሶዎች ሥራቸው እንዲህ ነበር።

የጭቃ መንገድ የተገኘው በሁለቱ ላይ ብቻ ነው። ከሁለቱም አውራ ጣት የሚያህል አፈረስኩና በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። አንዱ ተጠግኗል፤ ምስጡ አለ ማለት ነው። ሌላው እንደፈረሰ ቀርቷል።

ከዚያ ከሥር ጀምሬ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ወስፌ ወጋሁ። በአምስቱ ላይ ከሥር 2 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ቆመ፤ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ አልገባም። የበሰበሰው ነጩ የውጪ ክፍል ነው፤ ቀዩ የጥድ ልብ ደህና ነው። በመዶሻ ሲመታም ባዶ ድምፅ አልሰጠም። 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው ውፍረት 16 ሆነ ማለት ነው፤ ከስፋቱ 64 በመቶው ቀርቷል። ለቀላል የቆርቆሮ ጣሪያ ይበቃል። በስድስተኛው ግን ወስፌው እስከ እጀታው ገባ።

«የተቃጠለ ዘይት ብንቀባቸውስ?» አሉ ኡስታዝ። ዘይቱ ከገጹ ብዙም አይዘልቅም፤ የውስጡንም እርጥበት አያደርቅም። ፈንገስ የሚያድገው የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው። የላስታው ይምርሐነ ክርስቶስ እንጨቶች ከ800 ዓመት በላይ የቆዩት በዋሻ ውስጥ ሆነው ዝናብ ስላልደረሰባቸው ነው። የእኛ ምሰሶዎች ግን ጥንት በድንጋይ ላይ ቆመው ሳለ፣ በኋላ ሥራቸው ላይ ሲሚንቶ ተለስኖባቸዋል። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ እዚያ ታቁሮ ይቀር ነበር።

ስለዚህ አሸንዳ ተሰቀለ፤ ሲሚንቶውም ተሰብሮ ድንጋዩ ተገለጠ። አሁን ምስጥ ቢመጣ መንገዱ በድንጋዩ ላይ ይታያል። የሚፈረፈረውን ብቻ በመሮ አነሳን። እንጨቱን በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውህድ ቀባን፤ ይህ ፈንገስንም ነፍሳትንም ይከላከላል፤ ዝናብ ካገኘው ግን ታጥቦ ይሄዳል። ለዚህ ነው አሸንዳው የቀደመው። ለስድስተኛው ጣሪያውን ደግፈን፣ የበሰበሰውን 50 ሴንቲ ሜትር ቆርጠን፣ በአሮጌ ጥድ ልብ እግር ቀጠልንለት፤ ጫፎቹን ግማሽ በግማሽ አነባብረን በሁለት ቡሎን አሰርናቸው።

ወስፌው መስጊዱ ውስጥ ተቀምጧል። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ ስድስቱም ይወጋሉ።