ለውሃ ሙላት ማሲንቆ

አባዬ ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜን መምከር አቆመ። ወንድሜ ኮምቦልቻ ተቀጥሮ ይሠራል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ሥራውን ትቶ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ያስባል። አባዬ በየሳምንቱ ስልክ ይደውልለት፣ እሁድ ሲመጣም ምሳ ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይመክረው ነበር። አንድ እሁድ ማታ ወንድሜ ከሄደ በኋላ ቧንቧ ውሃ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ “ከእንግዲህ ለውሃ ሙላት ማሲንቆ አልመታም” አለ። እማዬም እኔም ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅነውም። ጡረታ እስኪወጣ አማርኛ ያስተማረ ሰው ነው፤ እኛም ያቺን ግጥም ከእሱ አፍ እየሰማን ነው ያደግነው።

በዚያው ሳምንት የሬዲዮ የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት ያላት ጓደኛዬ፣ ሰው የሚወደውን አንድ ግጥም ለአድማጭ የሚያስተዋውቅ የአሥር ደቂቃ ጽሑፍ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ስለሆነ ለሬዲዮ መጻፍ አዲሴ አይደለም። የለመድኩት ግን የሠላሳ ሴኮንድ ማስታወቂያ ነው። “አዝማሪና ውሃ ሙላት”ን የመረጥኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ በአባዬ ስለተናደድኩ ነው።

ግጥሙ የክቡር ዶክተር ከበደ ሚካኤል ነው። “ታሪክና ምሳሌ” በተሰኙት መጻሕፍታቸው፣ በ“አኒባል” ተውኔታቸውና በ“ሮሜዎና ዡልየት” ትርጉማቸው የምናውቃቸው ደራሲ ናቸው፤ ያረፉት በ1991 ዓ.ም. ነው። ለረሳችሁት ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ አዝማሪ መንገድ ሲሄድ ወንዝ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ያገኘዋል። መሻገር ሲያቅተው ዳር ላይ ቆሞ ማሲንቆውን እየመታ ለውሃው ይዘፍናል። ሌላ መንገደኛ ይደርስና ምን እየሠራ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ውሃው እንዲያሻግረው እያሞገሰው መሆኑን አዝማሪው ይመልሳል። መንገደኛውም ሞኝነቱን ይነግረዋል፤ የሚያሞግሰው ውሃ እኮ ሳይሰማው እየሄደ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ለማይሰማ ሰው ስለሚባክን ቃል ምክር ይመጣል።

የመጀመሪያውን ረቂቅ በአንድ ምሽት ጨረስኩት። በእኔ አነባበብ አሥር ደቂቃ ማለት ዘጠኝ መቶ ቃላት ያህል ነው። ስለ ደራሲው ሁለት ደቂቃ፣ ስለ ምክሩ ሁለት ደቂቃ ሰጠሁ፤ ከዚያ ግጥሙን አንብቤ “በግጥሙ ውስጥ ሦስት ዐበይት ምስሎች እናገኛለን፦ አንደኛ…” ብዬ ቀጠልኩ። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምር ነበር።

በማግስቱ እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቡና ስትለቅም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሬዲዮ የሚሰማው ሰው እንደ እሷ ነው፤ እጁ ሥራ ላይ ነው፣ ዓይኑ ወረቀት የለውም። ምክሩን ስነግራት “እሺ” አለች። ግጥሙ መሐል ስደርስ “ቆይ፣ አሁን የተናገረው ማነው? አዝማሪው ነው ሌላው?” ብላ አቋረጠችኝ። “ሁለተኛ” ብዬ ወደ ምስሎቹ ስገባ ደግሞ ቡናውን ይዛ ወደ ማድቤት ሄደች። ሳትሰማኝ ሄደች። እንደ አዝማሪው ወንዝ ዳር ቆሜ ቀረሁ።

ሦስቱ ስህተቶች የዚያኑ ዕለት ገቡኝ። ምክሩን አስቀድሜ ስለተናገርኩ ታሪኩን የምትጠብቅበት ምክንያት አልነበራትም። ትምህርተ ጥቅስ ደግሞ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይታይም፤ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ድምፅ ካልተለወጠ ወይም ፀጥታ ካልገባ አድማጭ ተናጋሪውን ያጣዋል። ሦስተኛው ስህተት “ምስል” የሚለው ቃል ራሱ ነው፤ ማንም ሰው በዚያ ቃል ምንም ነገር አያይም።

ስለዚህ ግጥሙን አስቀድሜ ያለ ምንም ማብራሪያ እንዲነበብ አደረግኩ። አጭር ስለሆነ ጊዜ አይወስድም። የመንገደኛውን ንግግር ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ ጠየቅኩ፤ በጥያቄውና በአዝማሪው መልስ መካከልም “ትንፋሽ” ብዬ በቀይ ጻፍኩ። ከማብራሪያው በኋላ ግጥሙ እንደገና ይነበባል። አድማጭ አንዴ የሰማውን ግጥም ሁለተኛ ሲሰማ መጀመሪያ ያመለጠውን ይይዛል።

ከዚያ ወደ ውሃው መጣሁ። የድሮው ረቂቄ “የውሃ ሙላት የማይሰማ ሰው ምሳሌ ነው” ይል ነበር። ልክ ነው፤ ግን ምንም አያሳይም። አዲሱን እንዲህ ጻፍኩት፦ “ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ከበድ ያለ ዝናብ የጣለ ዕለት ቦርከናን አይታችሁታል? ቀለሙ የጭቃ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ምረጡና በዓይናችሁ ተከተሉት። ‘ይኸው’ ብላችሁ ሳትጨርሱ ድንጋዩን አልፎ ሄዷል። ወንዙ ግን አሁንም እንደሞላ ነው።” ይህን ስጽፍ ግጥሙ ውስጥ ልብ ያላልኩት ነገር ታየኝ። ወንዙ አዝማሪውን የማይሰማው ስለሚጠላው፣ ልቡ ስለደነደነም አይደለም። አሁን ፊቱ ያለው ውሃ ቅድም የነበረው አይደለም። ዘፈኑ ሲጀመር የነበረው ውሃ ዘፈኑ ሲያልቅ ታች ሜዳው ላይ ደርሷል። አዝማሪው አንድ ወንዝ ይመስለዋል እንጂ በየቅጽበቱ ለአዲስ እንግዳ ነው የሚዘፍነው።

ሁለተኛው ማሲንቆው ነው። አንድ ጅማት ብቻ ያለው፣ ያውም ከፈረስ ጭራ የተሠራ፣ ሣጥኑ በቆዳ የተለበጠ መሣሪያ ነው። የአምባሰልና የባቲ ቅኝቶች ስማቸውን ከእኛው አገር ስለወሰዱ የወሎ አድማጭ ማሲንቆ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ሊነገረው የሚገባው የአዝማሪ ሙያ ነው። አዝማሪ ደጅ ሲደርስ ባለቤቱን ያሞግሳል፤ የተሞገሰው ደስ ሲለው በሩን ይከፍታል፣ ይሸልማል። ዕድሜውን ሙሉ የተዘጋ በር ሲያጋጥመው በዚህ ቁልፍ ከፍቷል። ወንዝ ሲዘጋበትም ያንኑ ቁልፍ አወጣ። ልጅ ሆኜ ሳነበው አዝማሪው እንዲሁ ቂል ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የሚያውቀውን አንድ ነገር ደጋግሞ የሚሞክር ሰው ሆኖ ታየኝ። አባዬም አርባ ተማሪ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጠው የኖረ መምህር ነው። መምከር ማሲንቆው ነው።

ሦስተኛው ላይ ቆየሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ መንገደኛውን እንደ ምስል አልቆጠርኩትም ነበር፤ የደራሲውን ሐሳብ ለመናገር የገባ አፍ ብቻ አድርጌ አልፌው ነበር። ለሁለት ሰው ድምፅ ስከፋፍለው ግን ንግግሩ በምን እንደሚጀምር አየሁ። መንገደኛው ተግሣጹን ከመናገሩ በፊት ይጠይቃል። ምን ትሠራለህ ይላል። አዝማሪውም ይመልስለታል። ግጥሙ ስለማይሰማ ነገር ነው ስንል ኖረናል፤ ነገር ግን ግጥሙ ውስጥ ሁለት ንግግር አለ። አንደኛው ለሚሮጥ ውሃ ነው፣ መልስ የለውም። ሁለተኛው ለቆመ ሰው ነው፣ በጥያቄ ይጀምራል፣ መልስም ያገኛል። ደራሲው ይህን አስበው ይሁን አይሁን ልናገርላቸው አልችልም፤ ንባቡ የእኔ ነው። ግን ጥያቄውም መልሱም እዚያው ተጽፈዋል።

ጽሑፉን ከማስረከቤ በፊት ለአባዬ አነበብኩለት። አመለካከቱን ለማስለወጥ ብዬ አይደለም፤ የግጥሙ አነባበብ እንዳይበላሽ ፈርቼ ነው። የወል ቤት ስለሆነ እያንዳንዱ ስንኝ መሐሉ ላይ ያርፋል፤ እኔ ደግሞ ማስታወቂያ ስለለመድኩ እሮጣለሁ። ሁለት ቦታ ላይ እጁን አንስቶ አስቆመኝና “እዚህ ጋ ተንፍሺ” አለኝ። መንገደኛው ላይ ስደርስ ግን ምንም አላለም። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ፣ “የመጨረሻውን ለምን በምክሩ አልዘጋሽውም? ግጥሙ እኮ በምክር ነው የሚያልቀው” አለ።

“ግጥሙ በድጋሚ ሲነበብ ምክሩን ራሱ ይናገረዋል አባዬ። እኔ ከደገምኩት ሦስተኛ ጊዜ ይሆናል።”

“እኔ ክፍል ውስጥ በምክሩ ነበር የምዘጋው።”

“አውቃለሁ። ወንድሜን ግን አንድ ነገር ጠይቀኸው ታውቃለህ?”

ዝም አለ። ማለት የማይገባኝን ያልኩ መሰለኝና ወደ ቤት ገባሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ወንድሜ መጣ። ቡናው ሁለተኛው እስኪደርስ አባዬ ስለ ጉዞው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ሲኒውን አስቀመጠና “እስቲ ንገረኝ፣ ኮምቦልቻ ምንድን ነው የጎደለህ?” አለው። ወንድሜ መጀመሪያ እማዬን አየ፣ ቀጥሎ እኔን። ወጥመድ መስሎት ይሆናል። ቀስ እያለ ስለ ቤት ኪራይ ጀመረ፤ ወር ሳይሞላ ስለሚያልቀው ደሞዝ፣ ስለ ሄዱት ጓደኞቹ፣ ከእነሱም ስልኩን ማንሳት ስላቆመው አንዱ ተናገረ። ይህን የመጨረሻውን ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም። እማዬ መልቀም የረሳችው ቡና ጭኗ ላይ ነበር። አባዬ መሐል ላይ ሊናገር አፉን ሁለት ጊዜ ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ወንድሜ እስካሁን አልወሰነም። መናኸሪያ ድረስ የሸኘው አባዬ ነው፤ በመንገድ ላይ ምን እንደተባባሉ አልነገሩንም። ጽሑፉ የተላለፈ ዕለት እኔ ቢሮ ነበርኩ። ማታ ስገባ እማዬ፣ “አሁንስ ማን እንደሚናገር ለየሁት” አለችኝ። አባዬ ደግሞ አንባቢዋ በሦስተኛው ስንኝ ላይ ሳትተነፍስ ማለፏን ነገረኝ።