ውሃው የቆመው ከምን ላይ ነው?

በአዲስ አበባ ከተማ ውሃ በፈረቃ መምጣቱን የማያውቅ ተከራይ የለም። ስለዚህ የኪራይ ቅናሽ ለመጠየቅ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሊያጣራው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ውሃው የጠፋው ከመንገዱ ነው ወይስ ከቤቱ? መጥፋቱ ከመንገዱ ከሆነ አከራዩም እንደ ተከራዩ ተበዳይ ነው።

እኔ የምኖረው በሁለተኛ ደርብ ላይ ነው። ኪራዩ በወር 12,000 ብር ሲሆን፥ ውሉም ቤቱ ውሃ ያለው መሆኑን ይናገራል። ሆኖም ሦስት ወር ሙሉ ከቧንቧችን ጠብታ አልወረደም። በፈረቃው ሌሊት ወርጄ ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ቧንቧ ብከፍተው ውሃው ቀጠን ብሎ ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ግን ነፋስ ብቻ ያፏጫል። ግፊቱ እስከ ደርቡ ለመውጣት አቅም አጥቷል ማለት ነው። መድኃኒቱም ከምድር ላይ የሚቀመጥ ሮቶና ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ነው፤ ሮቶውን ከጣራ ላይ ብቻ ቢሰቅሉት ያው ደካማ ግፊት አይሞላውም።

አራት ነፍስ ነንና በቀን ቢያንስ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስፈልገናል። በሳምንት ሁለት ሌሊት ከታች በርሜል ሞልተን አራት ቀን እንደርሳለን። ለቀሩት ሦስት ቀናት 15 ጀሪካን እያንዳንዱን በ25 ብር እንገዛለን፤ ይህም በአራት ሳምንት 1,500 ብር ይሆናል። ጀሪካኑን በደረጃ የማውጣቱን ድካም በሒሳቡ አላገባሁትም፤ የወገብ ሕመም ደረሰኝ የለውምና።

ቀኑንና ሒሳቡን የጻፍሁበትን ወረቀት ይዤ ወደ ቤቱ ባለቤት ሄድሁ።

«ልጄ፥ ውሃውን የማጠፋው እኔ ነኝን?» አሉኝ።

«አይደሉም እትዬ። ነገር ግን ከቆጣሪው ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወጣው አጥቶ ነው» ብዬ ያየሁትን ነገርኋቸው።

ዝም አሉ። ቆይተው የገለጹልኝ ስጋት ግን ያልጠበቅሁት ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ጭማሪን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አድርጎታል፤ እሳቸውም «አንድ ጊዜ ዝቅ ያደረግሁትን ኪራይ መልሼ ከፍ ላደርገው አልችል ይሆናል» ብለው ፈሩ። በእኔ አስተያየት ብዙ አከራዮች እንዲህ ያለውን ልመና ባጭሩ የሚቆርጡት ከንፍገት ይልቅ በዚህ ፍርሃት ነው።

እኔም ኪራዩ እንዲለወጥ አለመለመኔን አስረዳኋቸው። በሁለት ቅጂ የተጻፈው ወረቀት የውሉ ኪራይ 12,000 ብር መሆኑ እንደ ጸና ይገልጽና፥ ፓምፕ ተተክሎ ውሃው ከደርቡ እስኪደርስ ድረስ ግን በየወሩ 1,200 ብር እንደሚቀነስ ይናገራል። ሦስት መቶውን ብር እሳቸው ተከራክረው አስቀሩት። ሁለታችንም ፈርመን ከውሉ ጋር አያያዝነው። ፓምፑ ገና አልተገዛም፤ ባለቤቷ ግን ባለፈው ሳምንት የቧንቧ ሠራተኛ አምጥተው ደረጃውን አስለክተዋል።