ሁላችንም በአንድ ቀን ከወደቅን ዋሱ ማን ነው?

ዛሬ ስለ ብድር ነው የማወራችሁ፤ ነገሩ የገባኝ ግን ከባንክ ሳይሆን መርሳ ካለው ከአጎቴ ቤት ነው።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ካሜራና ላፕቶፕ ለመግዛት ወልዲያ ውስጥ አንድ ባንክ ገብቼ ብድር ጠየቅሁ። የብድር ባለሙያዋ ትሁት ሴት ነበረች። "ደመወዝዎ በየትኛው ሒሳብ ነው የሚገባው?" አለችኝ። ደመወዝ የለኝም። የምኖረው በየጽሑፉ በሚከፈለኝ ነው፤ አንዱ በእጄ ይሰጠኛል፣ አንዱ በስልክ ይልክልኛል፣ ሌላው ሦስት ወር ሙሉ "ነገ" ይለኛል። የአንድ ዓመት የሒሳብ መግለጫዬን አገላብጣ አየችና "በዚህ ወረቀት መሠረት እኮ እርስዎ የሚኖሩት በአየር ነው" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሁለት አማራጭ ሰጠችኝ። ወይ የቤት ካርታ ማምጣት፣ ወይ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ የሚያጽፍ ቋሚ ሠራተኛ ዋስ ማቅረብ።

ተናድጄ ወጣሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ገንዘብ ሳልበላ የኖርኩ ሰው እንዴት አልታመንም? ብዬ።

ቆይቼ ሳስበው ግን ሴትየዋ ልክ ነበረች። አበዳሪ ሦስት ነገር ነው የሚጠይቀው። ይህ ሰው የመክፈል አቅም አለው ወይ? አቅሙ ቢኖረው ለመክፈል ፈቃደኛ ነው ወይ? ሁለቱም ቢቀሩ ገንዘቤን ከምን አገኛለሁ? የመጀመሪያው በገቢ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ባለፈው የብድር ታሪክ። ዋስትና የሚመጣው ሦስተኛው ላይ ነው። የእኔ ገቢ ወረቀት ላይ የለም፤ የብድር ታሪክም የለኝም። ስለዚህ ሦስተኛው ጥያቄ ብቻውን ሸክሙን ሁሉ መሸከም ነበረበት። ካርታ የተጠየቅሁት ሌባ ስለመሰልኩ አይደለም፤ ስለማልታወቅ ነው።

ታዲያ የሚታወቅ ሰውስ? እዚህ ጋ ነው አጎቴ የሚመጣው።

አጎቴ ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ አጠገብ ገበሬ ነው። ጤፍና ማሽላ ያመርታል፣ በመስኖ ሽንኩርት ይተክላል፣ ጥቂት የማንጎ ዛፎችም አሉት። ካርታ የለውም፣ ደመወዝ የለውም። ግን ለዓመታት ሲበደርና ሲከፍል ኖሯል። የተበደረው በቡድን ዋስትና ነው። አሠራሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በክልላችን በስፋት ያስለመደው አብቁተ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ ነው። የሚተዋወቁ ሰዎች ቡድን ይመሠርታሉ፤ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍሉለታል። ንብረት አይያዝም።

የዚህ ዘዴ ብልሃቱ አበዳሪው የማያውቀውን ነገር ጎረቤት ማወቁ ነው። ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚጠጣ፣ ማን በሬውን ሸጦ ሊሄድ እንዳሰበ መንደሩ ያውቃል። ቡድኑ ሲመሠረት ራሱ መንደሩ ሰዉን ያጣራል፤ ከዚያም ይጠብቀዋል። አበዳሪው የምርመራ ሥራውን ለጎረቤት አስረከበ ማለት ነው።

የአጎቴ ቡድን አምስት ሰው ነበረው። እያንዳንዳቸው 20 ሺህ ብር ወሰዱ። ከመካከላቸው አንዱ ወጣት ጅዳ እሄዳለሁ ብሎ ጠፋ፤ ሲጠፋ 12 ሺህ ብር ይቀርበት ነበር። አራቱ ሦስት ሦስት ሺህ ብር አዋጡና ዘጉለት። አጎቴ ያኔ በጣም ተቆጥቶ ነበር፤ ቢሆንም ከፈለ። የልጁ አባትም ለሁለት ዓመት ቀስ በቀስ መለሰላቸው። በዚህ ዓይነት ጊዜ ዘዴው ይሠራል። አንዱ ይወድቃል፣ አራቱ ቆመዋል፣ ሸክሙ ይከፋፈላል።

ከዚያ ነሐሴ 2013 መጣ። ጦርነቱ ወልዲያ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ አካባቢያችን ምን እንደነበረ ለናንተ አልነግርም። አጎቴ የውሃ መሳቢያ ሞተሩንና አንድ በሬውን አጣ። ሁለተኛው የቡድኑ አባል ሱቁ ተዘረፈ። ሦስተኛው ከነቤተሰቡ ተሰደደ። አራተኛው ማሳው ላይ የነበረውን ሳይሰበስብ ቀረ። አራቱም አዲስ ብድር ነበረባቸው፤ አራቱም በአንድ ወቅት ወደቁ። ማን ለማን ይክፈል?

አጎቴ ይህን ሲያስረዳኝ ያለውን አልረሳውም። "ዋስ ማለት አንተ ስትወድቅ የሚቆም ሰው ነው። እኛ ግን አንድ ገመድ ላይ የታሰርን በጎች ነበርን።"

ከሰማኋቸው የዋስትና ትርጉሞች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ዋስትና ዋጋ የሚኖረው ከተበዳሪው ጋር አብሮ ካልወደቀ ነው። ችግሩ ደግሞ እዚያው ዘዴው ውስጥ አለ። በደንብ የሚያውቅህ ጎረቤትህ ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ዋስ ነው። ጎረቤትህ ግን ያንተው ዝናብ ይዘንብለታል፣ ያንተው አንበጣ ይመጣበታል፣ ያንተው ጦርነት ይደርስበታል፤ ስለዚህ መጥፎ ዋስ ነው። በዓለም ላይ የቡድን ብድርን ታዋቂ ያደረገው የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክ እንኳ ከ2000 ወዲህ (በፈረንጆች) አሠራሩን ሲያሻሽል አንዱ ለሌላው ዕዳ እንዲጠየቅ ማድረጉን ትቷል።

ታዲያ የማይዘረፍ፣ የማይሰደድ ዋስትና ምን አለ? መሬት። ግን የእኛ መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይከለክላል። ከተማ ውስጥ ባንክ የሚይዘው መሬቱን ሳይሆን ላዩ ላይ ያለውን ቤትና የይዞታ መብቱን ነው፤ ባለቤቱ ካልከፈለ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ እንዲችል አዋጅ ቁጥር 97/1990 ፈቅዶለታል። ገበሬው ግን የሚሸጥ ቤት የለውም። ስለዚህ የአማራ ክልል በ2009 ያወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ሌላ መንገድ ከፈተ። ገበሬው በይዞታው የመጠቀም መብቱን ለገንዘብ ተቋም በዋስትና ማስያዝ ይችላል። ካልከፈለ አበዳሪው መሬቱን አይወስድም፤ ለተወሰነ ዓመት አከራይቶ ገንዘቡን ይመልሳል፤ ከዚያ መሬቱ ለባለቤቱ ይመለሳል።

ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ "ወለድ አገድ ነዋ!" ይላሉ። በጥንቱ ወለድ አገድ አበዳሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሬቱን ይዞ በወለዱ ፋንታ ምርቱን ይበላ ነበር። በአዲሱ ግን ገበሬው ራሱ እያረሰ ይቆያል፤ መሬቱ ከእጁ የሚወጣው ካልከፈለ ብቻ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አጎቴ ሰላም ሲሆን ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ደብተሩን ይዞ ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ለሞተርና ለዘር 120 ሺህ ብር ነው የፈለገው። የብድር ሠራተኛው ስለ ሰውየው ታማኝነት ብዙ አልጠየቀም። የጠየቀው ስለ መሬቱ ነው። ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ያህል፣ ውሃ ገብ። በዓመት ስንት ይከራያል? 30 ሺህ ብር። ከዚያ ወረቀት ላይ አሰላው። የሦስት ዓመት ኪራይ 90 ሺህ ብር ነው። ከዚያ በላይ ቤተሰብን ከመሬቱ ማራቅ አንፈልግም አለ። በ18 በመቶ ወለድ 60 ሺህ ብር ብንሰጥ በዓመቱ 70 ሺህ 800 ይሆናል፤ የቀረው 19 ሺህ ግድም ለዘገየ ወለድና ለወጪ መጠባበቂያ ነው። ስለዚህ 120 አይሆንም፤ 60 እንሰጣለን።

ሂሳቡ ጥሩ ነበር። ቀዳዳውን ያገኘችው አክስቴ ናት። ደብተሩ ላይ ስሟ ከአጎቴ ጋር ስላለ ያለ እሷ ፊርማ ብድሩ አይሆንም። ለሠራተኛው እንዲህ አለችው፤ "ልጄ፣ እኛ መክፈል የሚያቅተን ዝናብ ሲጠፋ፣ ውሃው ሲደርቅ ነው። ያን ዓመት ይህን መሬት በ30 ሺህ የሚከራየው ማን ነው?"

ሠራተኛው ዝም አለ። 30 ሺህ ብር የደህና ዓመት ዋጋ ነው። ገበሬው በሚወድቅበት ዓመት ጎረቤቱም ይወድቃል፤ ብዙ ሰው መሬቱን ለኪራይ ያወጣል፣ የሚከራይ ይጠፋል፣ ዋጋው ይወርዳል። ልክ እንደ ቡድኑ፣ መሬቱም ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይወድቃል ማለት ነው። ልዩነቱ መሬት ተነሥቶ መቆም መቻሉ ነው፤ ዝናብ ሲመለስ ዋጋውም ይመለሳል። ለዚህ ግን አበዳሪው የመጠበቅ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

አክስቴ በመጨረሻ ፈረመች፤ ግን ለ40 ሺህ ብር። "በክፉ ዓመት በግማሽ ዋጋ እንኳ ቢከራይ በሦስት ዓመት ይወጣል" አለች። ግማሹ 15 ሺህ ነው፤ በሦስት ዓመት 45 ሺህ። ወለዱን አስገብተን ስናሰላው ትንሽ ይጎድላል፤ ጉድለቱን ከማንጎው እሞላዋለሁ አለች። ለሞተሩ የጎደለውን አንድ ወይፈን ሸጠው ሞሉ። ባንኩ መሥራት የነበረበትን ስሌት የሠራችው እሷ ናት።

በቅርቡ ለመበደር ወይም ዋስ ለመሆን ያሰባችሁ ካላችሁ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ውሰዱ። አንደኛ፣ ዋስትናችሁን የምትገምቱት በዛሬ ዋጋው ሳይሆን መክፈል በሚያቅታችሁ ቀን በሚያወጣው ዋጋ ይሁን። አበዳሪው 60 ሺህ ስለፈቀደ 60 ሺህ መውሰድ የለባችሁም። ሁለተኛ፣ ቡድን ስትመሠርቱ "ታማኝ ነው ወይ?" ብቻ አትጠይቁ፤ "ገቢው ከእኔ ገቢ ጋር በአንድ ቀን ይጠፋል ወይ?" ብላችሁም ጠይቁ። አምስት ሽንኩርት አምራቾች ከሚዋዋሱ፣ ሽንኩርት አምራች፣ ልብስ ሰፊ፣ መምህርና ባለ ባጃጅ ቢዋዋሱ ይሻላል። ጦርነት ሲመጣ ይህም አያድንም፤ የሽንኩርት ዋጋ ሲወድቅ ግን ያድናል።

ለአበዳሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትን፣ ምርትን፣ ማሽንን ሳይቀር በዋስትና መያዝ እንዲቻል ፈቅዷል። መልካም ነው። ነገር ግን በድርቅ ዓመት የበሬ ዋጋም አብሮ ይወርዳል። ለዓመታት ሳያዛንፍ የከፈለ ሰው ታሪክ ግን በድርቅ አይረክስም። አጎቴ እንዲህ ያለ ታሪክ ነበረው፤ ስሌቱ ውስጥ ግን አንድ ብር አልጨመረለትም።

እኔስ? ካርታ አላገኘሁም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን የሚከፈለኝን ሁሉ፣ በእጄ የተሰጠኝንም ሳይቀር፣ በአንድ ሒሳብ አስገባለሁ፤ ከዚያ አወጣለሁ። ዓመት ሲሞላ ወደዚያች ትሁት ሴት እመለሳለሁ። ቢያንስ በአየር እንደማልኖር ታያለች።

ከእናንተ መካከል በቡድን ዋስትና የሰው ዕዳ የከፈለ አለ? እንዴት እንደነበር ጻፉልኝ። ሰላም ሁኑ።