ሁለቱ ፀሐይ በሮች

ስለ አማርኛ ፊደል ክርክር በተነሳ ቁጥር ዝም እላለሁ። አንዱ «ሁለት ጸ፣ ሁለት ሰ ምን ይሠሩልናል? ይቀነሱ» ይላል። ሌላው «ከአባቶቻችን የወረስነውን አትንኩ» ብሎ ይቆጣል። እኔ ከሁለቱም ወገን የለሁበትም። በሁለቱ ጸ ምክንያት የአንድ ቀበሌ ሕፃናትን ሁለት ጊዜ ያስከተብኩ፣ አንድ ሌላ ቀበሌን ደግሞ ድራሹን ያጠፋሁ ሰው ነኝና አፍ የለኝም። ያው በወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ላይ ነው ብላችሁ ግን አትናቁት።

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ክረምት ነው። ያኔ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የመረጃ ሠራተኛ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ካርድ ክፍል ቆሜ የበሽተኛ ካርድ እፈልጋለሁ፤ ከሰዓት ሪፖርት እሠራለሁ። ጤና ጣቢያው በሥሩ አምስት ጤና ኬላዎች አሉት። ስለዚህ በየወሩ ስድስት ሪፖርት ይደመራል፤ የአምስቱ ኬላዎችና የጤና ጣቢያው የራሱ። በእኛ ቤት ወር የሚባለው ደግሞ እናንተ የምታውቁት ወር አይደለም። ከ21 ይጀምርና በቀጣዩ ወር 20 ላይ ያልቃል። «የነሐሴ ሪፖርት» ሲባል ከሐምሌ 21 እስከ ነሐሴ 20 የተሠራው ማለት ነው። ዝናቡ የሚበረታበት፣ መንገዱ የሚቆረጥበት ወር!

የኬላዎቹን እውነተኛ ስም ትቼ አንዱን ፀሐይ በር፣ አንዱን ወንዝ ማዶ ልበላቸው። ነሐሴ 20 ቀን የፀሐይ በሯ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደወለች። «ወንድሜ፣ ዝናቡ አላስወጣ ብሎኛል፤ ቁጥሩን በስልክ ልንገርህ» አለችኝ። እሷ እያነበበች እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኩ። የኬላውን ስም በችኮላ «ጸሀይ በር» ብዬ ነው የጻፍኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ሱፐርቫይዘሩ ከየኬላው የሰበሰበውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። በመካከሉ መብራት ጠፍቶ፣ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ፣ እኔም ሌላ ሥራ ውስጥ ገብቼ የስልኩን ነገር ረስቼዋለሁ። ወረቀቶቹን እንደ አመጣጣቸው ከላይ ወደ ታች አስገባሁ። ልጅቱ በወረቀቷ ላይ ቀበሌዋን አሳምራ «ፀሐይ በር» ብላለች። እኔም እንዳየሁት ጻፍኩ።

ስጨርስ መስመሮቹን ቆጠርኩ፤ ስድስት። ተቋሞቻችንም ስድስት ናቸው። «ሁሉም ገብቷል» አልኩና `=SUM(D2:D7)` ብዬ ደመርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ የሚሰጠው የፔንታ ክትባት ድምር 66 ሆነ። ፔንታ ማለት አንድ ሕፃን በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንቱ የሚወጋው አምስት በሽታ የሚከላከል ክትባት ነው፤ ትክትክ አንዱ ነው። ሦስተኛውን የወሰደ ልጅ ዙሩን ጨረሰ ይባላል። የእኛ የወር ዕቅድ ደግሞ 63 ልጅ ነበር። 25 ሺህ ያህል ሕዝብ ስላለን በዓመት 750 ሕፃናት ይኖራሉ ተብሎ፣ ያ ለአሥራ ሁለት ተካፍሎ የተገኘ ቁጥር ነው። ከ63 ውስጥ 66! መቶ አምስት ከመቶ!

ከመቶ በላይ የሆነ አፈጻጸም ሲታይ ደንገጥ ማለት ይገባ ነበር። ግን ዕቅዱ ራሱ ግምት ስለሆነ አንዳንድ ወር ማለፉ ነውር አይደለም። ደግሞስ የት መሥሪያ ቤት ነው «ከዕቅድ በላይ» ተብሎ ፊቱን ያጠቆረ ያያችሁ? ኃላፊያችን ፈረመበት፣ ማህተም ተመታበት፣ ወረዳ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ላይም ስማችን በመልካም ተነሳ።

የያዘችኝ ሲስተር ናት። የክትባት ማቀዝቀዣውን የምትይዘው እሷ ነበረች፤ ኬላዎቹ ማቀዝቀዣ ስለሌላቸው በክትባት ቀናቸው መጥተው ከእሷ እየፈረሙ በበረዶ ሣጥን ይወስዳሉ። ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት የክትባት ጥያቄ ልታዘጋጅ የእኔን ሪፖርት ወሰደች። ከአንድ ሰዓት በኋላ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ያላወጣሁትን ክትባት ማን ወጋው?»

«ምን ማለትዎ ነው ሲስተር?»

«ያንተ ሪፖርት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ዙር ተደምሮ 198 ልጅ ተወጋ ይላል። ከእኔ ፍሪጅ በወሩ የወጣው 180 ዶዝ ነው። ተከፍቶ የሚደፋ፣ የሚበላሽ እንኳ ሳይቀነስ ማለቴ ነው።»

ይሄ መልስ የለውም። ከወጣው ዶዝ የተወጋው ልጅ ሊያንስ ይችላል፤ ሁልጊዜም ያንሳል። ሊበልጥ ግን አይችልም። አንድ ዶዝ ለሁለት ልጅ አይከፈልም። መጀመሪያ ሲስተር ተሳስታ ነው ብዬ ተመኘሁ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ከዚያ መዝገቧን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ስም በስም ማመሳከር ጀመርን። እሷ ታነባለች፣ እኔ ስክሪኑ ላይ በጣቴ እከተላለሁ። «ጤና ጣቢያ።» አለ። «ፀሐይ በር።» አለ። ሦስቱን ሌሎች ጠራች፤ አሉ። ከዚያ ቆመች።

«ወንዝ ማዶ በዚህ ወር አልወሰደችም። ወንዙ ሞልቶ ልጅቱ መሻገር አልቻለችም፤ መስመሯ ባዶ ነው። አንተ ጋ ስንት ይላል?»

ፈለግሁ። ወንዝ ማዶ የሚል የለም። የለም! ስድስት መስመር አለኝ፤ ወንዝ ማዶ ግን የለችም። ያኔ ነው ስድስቱን አንድ በአንድ ድምፄን አውጥቼ ያነበብኳቸው። ዓይን ያላየውን ጆሮ ሰማው። ሁለት ጊዜ «ፀሐይ በር» አልኩ። አንደኛው ሁለተኛው መስመር ላይ፣ ሌላው አምስተኛው ላይ። ቁጥራቸውን ጎን ለጎን አየነው፤ 14፣ 13፣ 12። 14፣ 13፣ 12። ሁለት ቀበሌ በአንድ ረድፍ ቁጥር ቢገጥም ያጋጥማል። በሦስቱም ረድፍ ሲገጥም፣ ቀጥሎ ባለው በኩፍኙም፣ በቫይታሚኑም ሲገጥም ግን ያው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተጠርቷል ማለት ነው።

ሂሳቡን አቃናነው። ከ66 ላይ 12 ሲነሳ 54። ከዕቅዱ 86 ከመቶ ግድም። የሦስቱ ዙር ድምር ከ198 ወደ 159 ወረደ፤ ከሲስተር 180 ጋር ታረቀ፤ የቀረው 21 የተደፋና የተበላሸ ነው።

እዚህ ላይ ሙያ ነክ ወሬ ልጨምር። ስህተቱን ካገኘሁ በኋላ በእልህ የፋይሉን ቅጂ ወስጄ ኤክሴል ራሱ ይይዘው እንደሆነ ሞከርኩት። `Remove Duplicates` የሚል ትእዛዝ አለው። ተጫንኩት። `No duplicate values found.` አለኝ። ለእኔና ለእናንተ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የስሙን ረድፍ ከምርጫው አውጥቼ በቁጥሮቹ ብቻ ብፈልግ ይይዝልኝ ነበር። ግን ያም አደጋ አለው። በክረምት ሁለት ኬላዎች በሁሉም ረድፍ እውነተኛ ዜሮ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ማሽኑ አንዷን ደግሞ ነው ብሎ ያጠፋታል። ቀድሞ ነገር ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። የስድስቱን ስም አስቀድሜ ጽፌ ቦታቸውን ባዘጋጅ ኖሮ ስልኩም ወረቀቱም አንድ መስመር ላይ ይወድቁ ነበር፤ ወንዝ ማዶም ባዶዋን አፍጥጣ ትታየኝ ነበር። እኔ ግን የመጣውን እየተቀበልኩ ስም ስጽፍ፣ ትርፉ መስመር የጎደለውን ሸፈነው። አንዱ ስህተት ብቻውን ቢመጣ ኖሮ እይዘው ነበር። ተደግሞ ቢቀር መስመሩ ሰባት ይሆናል፤ ጎድሎ ቢቀር አምስት። ሁለቱ ተደጋግፈው መጡና ስድስት ሆኑ።

ኃላፊው ጋ ገባሁ። ሰውየው ክፉ አይደለም። አዳመጠኝ፣ ወደ መስኮቱ ዞረና «ወረዳ ደርሷል አይደል? በመስከረሙ ሪፖርት 12ቱን ቀንሳቸው፣ ይካካሳል» አለኝ። ይሄ ምክር በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ነው፤ በዓመት ድምር ላይ ልክ ይመጣልና ያጓጓል። ግን አሥራ ሁለቱን ከየትኛው ኬላ ነው የምቀንሰው? ከፀሐይ በር ከቀነስኩ ሥራዋን የሠራች ልጅ በመስከረም ሰነፍ ትባላለች። ነሐሴም ውሸት፣ መስከረምም ውሸት ይሆናል። ደግሞም ወንዝ ማዶ በነሐሴ ማንም እንዳልተከተበ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ያን ስለው ዝም አለ። ከዚያ፣ «ደብዳቤ ጻፍ» አለኝ። «ግን ጥፋቱ ያንተ መሆኑን ጻፍ።» ጻፍኩ። የእኔ ነዋ።

የወረዳው ባልደረባዬ ደብዳቤውን ሲያይ ራሱን ያዘ። «ወንድሜ፣ ዞን ገብቷል እኮ! አሁን እኔም ልጻፍ?» አለ። እሱም ጻፈ። ዞኑም ሳይጽፍ አልቀረም። እኛም በቀጣዩ ስብሰባ ከመቶ አምስት ወደ 86 የወረድን ብቸኛ ጤና ጣቢያ ተብለን ተነሳን።

ወንዙ የጎደለው መስከረም ሲገባ ነው። ሲስተርና የወንዝ ማዶዋ ልጅ የበረዶ ሣጥኑን ይዘው ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ማንም ሂድ አላለኝም። ልጅቱ መዝገቧን ይዛ ቀን ያለፈባቸውን ሕፃናት ስም ታነባለች፤ ከሦስቱም ዙር 26 ነበሩ። እናቶቹ ቀኑ ስላለፈ እንደ አዲስ ይጀመራል ብለው ፈርተዋል፤ ሲስተር «የለም፣ ከቆመበት ነው የሚቀጥለው» እያለች ወጋች። በዚያ ቀን 23ቱን አገኘን። አንዷ እናት ልጇን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳለች አሉ፤ ሁለቱ በማግስቱ መጡ።

ዛሬ በየጤና ጣቢያው ሪፖርት የሚገባው ተቋሞቹ አስቀድመው በተመዘገቡበት ፕሮግራም ነው፤ የኬላ ስም በእጅ የሚጽፍ የለም። በካርድ ክፍል ግን ዓለምና አለም፣ ሠናይትና ሰናይት አሁንም ሁለት ሁለት ካርድ ያወጣሉ።

እኔ ያኔ የማውቀውን መላ አደረግሁ። የስድስቱን ስም በካርቶን ላይ ከ01 እስከ 06 ቁጥር ሰጥቼ ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። በስልክም በወረቀትም የሚመጣ ሁሉ ቁጥሩን ሳይናገር አላስገባም አልኩ። የፀሐይ በሯ ልጅ በቀጣዩ ወር መጥታ ካርቶኑን አየችና ከት ብላ ሳቀች።

«ይሄን የሚያህል ስም አንተ ዘንድ 03 ሆነ?»

«03 ነሽ» አልኳት። «እንዳትረሺው።»