ስላይዱን የት አደረቅኸው?

ከጎንደር የተሳፈርኩበት አውቶቡስ አይከልን አልፎ ወደ ቆላው ሲወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። ገንዳ ውኃ ስንደርስ የሸሚዜ ጀርባ በላብ ርሶ ነበር። ወሩ መስከረም፣ እኔም በላቦራቶሪ ሙያ ዲግሪዬን ከያዝኩ ገና ጥቂት ወራት የሆነኝ ልጅ ነበርኩ። በመተማ ወረዳ በሚገኝ አንድ ጤና ተቋም መመደቤን የሚገልጸውን ደብዳቤ በመንገድ ላይ ደጋግሜ አውጥቼ አነበብኩት። የቅርብ ኃላፊዬ ማን እንደሆነ ተጽፎበታል። ሥራ የሚያስተምረኝ እሱ ነው ብዬ ነበር።

ኃላፊዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምጽፈው ሁሉ ወቀሳ እንዳይመስል ነው። የሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ጊዜ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ዝናቡ አልፎ ወባ የሚበረታውም በዚያው ሰሞን ነው። ታካሚው በረንዳውን ሞልቶ ይውላል። ኃላፊዬ ደግሞ ሪፖርት ይጽፋል፣ ያለቀ ኬሚካል ይጠይቃል፣ ስብሰባ ሲጠራ ገንዳ ውኃ ይሄዳል፣ የጎደለ ሰው ካለ እሱ ራሱ ተረኛ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን አጉሊ መነጽሩን፣ መዝገቡንና የቀለሙን ጠርሙስ በሩብ ሰዓት ውስጥ አሳየኝ። «ቀሪውን እያየህ ትለምደዋለህ» አለኝና ስልኩ ጮኸ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ሳምንታት ከሰላምታ ያለፈ ነገር የተነጋገርነው ሁለቴ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ስለ ጓንት እጥረት ነበር።

እኔም ለመድኩ። ችግሩ የለመድኩት ስሕተትም መሆኑ ነው።

ጥቅምት ላይ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ብሎት መጣ። ከጣቱ ደም ወስጄ ወፍራሙንና ስሱን ጠብታ በአንድ ስላይድ ላይ አዘጋጀሁ፣ ቀባሁ፣ አየሁ። ወፍራሙ ጠብታ ቆሻሻ መስሎ ነበር የታየኝ። ጥገኛ ተሕዋስ ግን አላገኘሁም፤ «አልታየም» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት። ያ ሰው ሌሊት በጓደኞቹ ሸክም ተመለሰ፤ ራሱን አያውቅም። የሌሊት ተረኛው ደሙን እንደገና ወስዶ አየው፤ ፋልሲፓረም ሞልቶታል። አርተሱኔት በመርፌ ተጀመረለትና ዳነ። ያንን ሌሊት ግን እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር።

የሌሊት ተረኛው በዕድሜ አባቴን የሚያህል ዲፕሎማ ያለው ቴክኒሻን ነው። ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ጠዋት ስገባ ሁለቱ ስላይዶች፣ የእኔና የእሱ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆዩኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር።

«ስላይዱን የት አደረቅኸው?» አለኝ።

በእጄ መስኮቱን አሳየሁት። ወረፋው ስለሚበዛብኝ ቶሎ እንዲደርቅልኝ ከመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት፣ እደረድር ነበር። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። ወፍራም ጠብታ የሚሠራው ቀዩ የደም ሕዋስ በውሃማው ቀለም ውስጥ ፈርሶ፣ ጥገኛው ተሕዋስና ነጩ የደም ሕዋስ ብቻ ሲቀሩ ነው። ለዚህ ነው ስሱን ጠብታ በሜታኖል ስናጸና ወፍራሙን እንዳይነካው የምንጠነቀቀው። የመተማ ፀሐይ ግን ሜታኖሉ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ደሙን መስታወቱ ላይ ያበስለዋል። ከዚያ ወዲያ ቀዩ ሕዋስ አይፈርስም፤ እንደ ደለል ተንጣሎ በውስጡ ያለውን ይሸፍናል። ይህን ትምህርት ቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተምሬው ነበር። ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። ከመስኮቱ ደፍ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

ጋሼ ስላይዶቹን የሚያደርቀው ከግድግዳው ጥግ፣ በጥላ፣ አግድም አስተኝቶ ነው። ዝንብ የደም ጠብታ ስለሚልስ በላዩ የካርቶን ክዳን ያደርግበታል። ያንን ካርቶን ለሦስት ሳምንታት ሳየው ቆይቻለሁ፤ አንድም ቀን ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ለምን አልጠየቅኩም? እውነቱን ልናገር። እኔ ዲግሪ፣ እሱ ዲፕሎማ ስለነበረን ነው። የሚያስተምረኝ ሰው ደብዳቤዬ ላይ የተጻፈው እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ወስኜ፣ እሱ ጊዜ ባጣ ቁጥር እያኮረፍኩ ነበር። ዓይኔን ከፍቼ ቢሆን ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ነበር። ሐኪሞቹ በውጤት ሲጠራጠሩ የሚጠሩት እሱን ነበር። መዝገቡ ላይ ውጤት ተደግሞ ታይቶ የተስተካከለበትን ቦታ ብትመለከቱ የእጅ ጽሑፉ የእሱ ነው። ኃላፊያችን ራሱ እንኳ ስላይድ ግራ ሲያጋባው ሳያፍር ወደ እሱ ይወስድ ነበር። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያውቅ ለማወቅ የሥራ መደቡን ሰንጠረዥ ማየት አያስፈልግም፤ ሰዎች ሲቸገሩ ወዴት እንደሚሄዱ ማየት ይበቃል።

በማግስቱ ሄጄ «ጋሼ፣ እባክዎ ያስተምሩኝ» አልኩት። «ምኑን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። «ሁሉንም» ስለው ሳቀና ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ቅር ተሰኘሁ። አሁን ሳስበው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ሰው «ሁሉንም» የሚባል ጥያቄ ይዞ ቤቱ ሊገባ አይችልም።

ሁለተኛ የሄድኩት አንድ ስላይድና አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። «ይህ ነጥብ ጥገኛው ነው ወይስ የቀለም ዝቃጭ?» አልኩት። ቦርሳውን አስቀመጠ። ዓይኑን አጉሊ መነጽሩ ላይ አድርጎ ማስተካከያውን ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች አዞረው። «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥገኛው ነው አልኩት። ዝቃጭ ነበር። ዝቃጭ ሲሆን ነጩ ሕዋስ ጥርት ብሎ በሚታይበት ልክ አይታይም፤ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ያብረቀርቃል። ጥገኛው ደግሞ ቀይ ነጥቡና ሰማያዊ አካሉ አብረው መታየት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ካለ አትቁጠረው አለኝ። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓት ያዝን፤ ማንም አላወጀውም። እሱ ከሌሊት ተረኝነት ሲወጣና እኔ ስገባ በመካከል 20 ደቂቃ ያህል አለች። ማታ ያጠራጠሩኝን ስላይዶች፣ ከአምስት ሳላስበልጥ፣ በሳጥን አኖርለታለሁ። የራሴን ንባብ በደብተሬ ጽፌ ደብተሩን እዘጋለሁ። እሱ ሌሊት ፋታ ሲያገኝ አይቶ የራሱን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል። ጠዋት ሁለቱን እናስተያያለን። የተስማማንበትን አንነጋገርበትም፤ የተለያየንበትን ብቻ አብረን እናያለን። በመጀመሪያው ሳምንት ከአምስቱ በሦስቱ ያህል እንለያይ ነበር። ኅዳር ሲጋመስ በሳምንት አንድ ቢኖር ነው። አስቀድሜ መጻፌ ጠቅሞኛል፤ እሱን ሰምቼ «እኔም እንደዚያው ብያለሁ» የምልበት ቀዳዳ አልነበረም።

የጠብታውን ውፍረት ያስተማረኝ በአሮጌ ጋዜጣ ነው። የደረቀውን ስላይድ በጽሑፉ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፊደሉ በደሙ ውስጥ በጭንቅ ከተነበበ ውፍረቱ ልክ ነው። ጨርሶ ካልተነበበ ወፍሯል፤ በሚታጠብበት ጊዜም ተልጦ ይሄዳል። «አልታየም» ብሎ ከመጻፍ በፊት 100 የእይታ መስክ መቁጠርንም ከእሱ ለመድኩ። ወረፋ ሲበዛ 30 አይቼ እጽፍ እንደነበር ያወቀው ከእኔ ሳይሆን ከሰዓቴ ነው፤ «ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ መቶ አይታይም» አለኝ።

ታዲያ ጋሼ በሁሉም ነገር ልክ አልነበረም። ጠዋት የበጠበጠውን የጊምሳ ቀለም ከቀረለት እስከ ማታ ይጠቀምበት ነበር። እኔም አየሁና ተከተልኩት። አንድ ቀን ኃላፊዬ የከሰዓት ስላይዶቼን አንስቶ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የነጩ ሕዋስ አስኳል ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ መሆን ሲገባው ገርጥቷል፤ ዝቃጩም በዝቷል። «ነጩ ሕዋስ ካልቀላ ጥገኛውም አይቀላም። እንዲህ ያለ ስላይድ ላይ ‹አልታየም› ማለት ምንም ማለት አይደለም» አለኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መመሪያ የተበጠበጠ ቀለም ሳይቆይ ጥቅም ላይ እንዲውል ያዛል። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ ተጨነቅኩ። የጋሼን ስም ብሰጥ አሳልፌ የሰጠሁት መሰለኝ፤ ብደብቅ ደግሞ ውሸት ነው። «አይቼ ነው፤ መመሪያውን ማንበብ ግን የእኔ ድርሻ ነበር» አልኩት። ቀጥዬም ከጋሼ ጋር በየጠዋቱ ስላይድ እንደምናይ፣ እስከዚያ ቀን ሳልነግረው መቆየቴንም ነገርኩት። ከእሱ አናት በላይ የሄድኩ ይመስለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ደብተሩን አምጣ አለኝ። ገጾቹን ገልጦ ካየ በኋላ የሁለታችን ፈረቃ ሁልጊዜ እንዲገናኝ የተረኝነቱን ሠንጠረዥ አስተካከለ።

ለእሱ የሚሆነውንም ለየሁ። የአሠራር ለውጥ፣ የተሰጠ ውጤት እርማት፣ ፊርማ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ የኃላፊዬ ነው፤ እነዚህን ከጋሼ ጋር አልጨርሳቸውም። ዓርብ ከሰዓት ሪፖርቱን ሲያጠናቅቅ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፌ እገባለሁ። አንዳንዱን ዓርብ ሁለቱን ይመልሳል፣ አንዳንዱን ዓርብ ስብሰባ ይሄዳል። የቀለሙን ነገር ለጋሼ የነገረው እሱ ነው፤ እንዴት እንደነገረው አላውቅም። ጋሼ ለሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን አዲስ ቀለም ሲበጠብጥ አገኘሁት፤ «ና፣ ማጣሪያ ወረቀቱን ያዝልኝ» አለኝ።

ጋሼ የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው ነበር። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያተኮሳቸው፣ የከሱ፣ ሆዳቸው በጣፊያ ያበጠ፣ የወባ ምርመራቸው ግን ደጋግሞ ነጻ የሆነ የቀን ሠራተኞች ሲመጡ «ይህ ካላዛር ሊሆን ይችላል፤ ስለ እሱ ሲስተርን ጠይቅ» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ይልከኝ ነበር። ሲስተር ደግሞ ሰው በቆመበት የምታስተምር፣ መልሱን ሳትጨርስ ወደ ሌላ በሽተኛ የምትሮጥ ሴት ናት። ከእሷ የተማርኩት ሌላ ታሪክ ነው።

ደብተሩ አሁንም አለኝ። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ አንድ ስላይድ አለ፤ እኔ ቫይቫክስ ያልኩት፣ ጋሼ ፋልሲፓረም ያለው። አብረን አየነው፤ ሁለታችንም አልለቀቅንም። ኃላፊያችንን ጠራነው፤ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየና ስልኩ ጮኸ።