ከእሳቱ በፊት በቀዝቃዛው

የልጅ ልጅ ያላቸው ጎረቤቶቼ «ልጅ ስንት ዓመት ሲሞላው ነው ወጥ ቤት የሚገባው?» እያሉ ይጠይቁኛል። «3 ዓመት ሲሞላው» ስላቸው ይደነግጣሉ። ወጥ ቤት ሲባል ወዲያው የሚታያቸው እሳቱ ነው። እኔ ግን ወጥ ቤትን ቀዝቃዛና ትኩስ ብዬ ለሁለት እከፍለዋለሁ። ልጆች እስከ 8 ዓመታቸው ድረስ በቀዝቃዛው በኩል ብዙ የሚሠሩት አላቸው። ወደ ትኩሱ የሚሻገሩት ከ9 ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም ትልቅ ሰው አጠገባቸው ቆሞ።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ተቃጥለው ሲመጡ ያየኋቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ምግብ ሲሠሩ የተቃጠሉ አልነበሩም። መሬት ላይ በተቀመጠ ምድጃ ዙሪያ ሲሯሯጡ ጀበናውን ወይም ድስቱን የደፉ ናቸው። ስለዚህ እኔ ቤት ሥራው የሚጀመረው ልጁ የሚቀመጥበትን ቦታ በመወሰን ነው። ምንጣፉ ከምድጃው ቢያንስ በትልቅ ሰው ሦስት እርምጃ ይርቃል፤ ልጁም እጁ ሥራ ስለያዘ ከዚያ አይነሳም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት የልጅ ልጆቼ ይመጣሉ፤ የ4፣ የ7 እና የ11 ዓመት ናቸው። ምሳችንን እንዴት እንደምንከፋፈለው ላጫውታችሁ።

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ጎመን ከዘንጉ መቀንጠስ፣ ቲማቲም ማጠብና ማማሰል ይችላል። ለአራት ዓመቷ የምሰጣት ሥራ ጭብጦ ነው። በሶው አስቀድሞ የተቆላ ገብስ ስለሆነ እሳት አያስፈልገውም። አንድ ኩባያ በሶ በጎድጓዳ ሳህን አደርግና ጨው ቆንጠር አድርጌ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት እጨምርበታለሁ። ከዚያ እሷ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ውሃውን በማንኪያ ጥቂት ጥቂት እያደረገች ታሻለች። በእጇ ጨብጣው ሳይፈርስ ከቆመ በቅቶታል፤ እጇ ላይ ከተጣበቀ ውሃው በዝቷልና በሶ ይጨመራል። ደረቁን በሶ ግን ወደ አፏ እንድትበትን አልፈቅድም፤ ዱቄቱ ትን ይላል። ቆሎና ኦቾሎኒም ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ በአየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል።

ከ6 እስከ 8 ዓመት ቢላ የሚለመድበት ጊዜ ነው። የሰባት ዓመቱ የቲማቲም ፍትፍት ይሠራል። ሁለት የበሰሉ ቲማቲሞች፣ የግማሽ ቀይ ሽንኩርት ክትፍ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና አንድ እንጀራ ይበቁታል። ቲማቲሙን ለሁለት የምገምሰው እኔ ነኝ፤ ጠፍጣፋው ወደ ታች ሲሆን አይንከባለልም። ከመክተፊያው ሥር እርጥብ ጨርቅ አነጥፋለሁ፤ እንዳይንሸራተት ነው። ቢላው ትንሽ፣ ባለ ጥርስ ይሁን። ደነዝ ቢላ ስለማይቆርጥ ልጁ በኃይል ይጫነዋል፤ ሲጫነው ያመልጠዋል። ቲማቲሙን የሚይዘው እጅ ጣቶቹን ወደ ውስጥ ያጥፋል። ቢላ ከወደቀ ደግሞ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይባላል እንጂ አይቀለብም። ቃሪያውን የምከትፈው እኔ ነኝ፤ የቃሪያ እጅ ዓይን ከነካ ልጁ ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል።

ከ9 እስከ 12 ያለው ዕድሜ የእሳቱ ነው፤ ዕድሜው ብቻ ግን አይበቃም። ሦስት ነገር አያለሁ። ልጁ ምድጃው ፊት ሲቆም ክርኑ ከድስቱ አፍ በላይ ነው ወይ? ካልሆነ እንፋሎቱ ፊቱን ይመታዋል። «ተው!» ስለው ወዲያው ይቆማል ወይ? ቀዝቃዛ ውሃ የተሞላ ድስት ይዞ ሳያፈስ ወጥ ቤቱን ይሻገራል ወይ? የመጨረሻው ፈተና የሚጠቅመው የጉልበቱን ልክ ለማወቅ ነው፤ ቢያልፈውም የፈላ ድስት አላሸክመውም።

የአስራ አንድ ዓመቱ ሽሮ ይሠራል። ወንድ ልጅ ነው፤ አያቱ መጀመሪያ ላይ «ወንድ ልጅ ምን ይሠራል ከድስት ጋር?» ብለው ነበር፤ አሁን ግን ሽሮው እስኪደርስ ቀድመው የሚቀርቡት እሳቸው ናቸው። አሠራሩ ከተለመደው ትንሽ ይለያል። እኛ ትልልቆቹ ሽሮውን የፈላ ውሃ ላይ እንነሰንሳለን፤ ልጅ ግን በዚያ እንፋሎት ላይ መጎንበስ የለበትም። ስለዚህ ግማሽ ኩባያ ሽሮ በሁለት ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ገበታው ላይ ይበጠብጣል፤ ጓጓላው እስኪጠፋ በሹካ ይመታዋል። ከዚያ አንድ ቀይ ሽንኩርት በደንብ ከትፎ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በትንሽ እሳት ያቁላላል። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ሦስት ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ይጨምራል። ቀጥሎ ድስቱን እኔ ከእሳቱ አወርደዋለሁ፤ እሱ ብጥብጡን ቀስ አድርጎ ይገለብጥበታል፤ መልሼ እጥደዋለሁ።

አደጋው የሚመጣው ሽሮው መወፈር ሲጀምር ነው። እንፋሎቱ ከወፍራሙ ሥር ይታመቅና ሲወጣ ትኩሱን ሽሮ ይዞ ይፈነጠራል። «ፑፍ ፑፍ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው። ልጁ መጀመሪያ እሳቱን ይቀንስ፣ ቀጥሎ ረጅም እጀታ ባለው ማማሰያ ያማስል። ክዳኑን ሲከፍት በፊቱ በኩል ሳይሆን በወዲያኛው በኩል ያንሳ። የድስቱ እጀታ ወደ ግድግዳው ይዙር። ነጠላና ሰፊ እጅጌ ያለው ልብስ ይውለቅ። በ15 ደቂቃ ገደማ ዘይቱ ከላይ ሲታይና የጥሬ ዱቄት ጣዕሙ ሲጠፋ ሽሮው ደርሷል።

እስከ 12 ዓመት ለልጅ የማልሰጠው ሥራ አለ። ከሰል ማቀጣጠል፣ ለምድጃ ጋዝ መሙላት፣ በብዙ ዘይት መጥበስ፣ የፓስታ ውሃ ማጥለልና የፈላ ድስት ማንሳት የትልቅ ሰው ናቸው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ሽሮ እጅ ላይ ሊፈነጠር ይችላል። ያን ጊዜ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር ያዙት። ቧንቧው ውሃ ከሌለው ከጀሪካን በኩባያ እየቀዳችሁ አፍስሱበት። አምባር ወይም ቀለበት ካለ ሳያብጥ አውልቁት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላልም ሆነ ዱቄት አትቀቡት፤ ሙቀቱን ያፍኑታል፣ ቁስሉንም ያቆሽሹታል። በረዶም አታድርጉበት። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ውኃ ከቋጠረ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያና ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ቢያንስም ጤና ጣቢያ ይታይ።

ይህንን የውሃ ሥራ የአስራ አንድ ዓመቱ ራሱ ያውቀዋል። ሽሮ ከመማሩ በፊት፣ ምድጃው ገና ሳይለኮስ፣ እጁን ቧንቧ ሥር አድርጎ ሰዓቱን እያየ 20 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም አይቶታል። ሁለቱ ታናናሾቹም ተራቸው ሲደርስ መጀመሪያ የሚማሩት ይህንኑ ነው።