20 ኪሎ ቡና እና 600 ሺህ ብር

በትርፍ ጊዜህ የምትሠራት ነገር ገንዘብ ማምጣት ከጀመረች፣ ወዳጅ ዘመድ የሚሰጥህ ምክር አንድ ነው፦ «አስፋት!»። ምክሩ ከፍቅር ነው የሚመጣው። ችግሩ፣ መካሪው የሚያየው የሸጥክበትን ዋጋ ብቻ መሆኑ ነው። የቆጠርከውን ሰዓትና ያበደርከውን ገንዘብ አያይም።

የኔ ጉዳይ ቡና ነው። በሙያዬ በፍሪላንስ የምጽፍ ጋዜጠኛ ነኝ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ቡና እቆላለሁ። ለቤት የጀመርኩት ነገር ለጓደኞች፣ ከጓደኞች ለጓደኞቻቸው እያለ ዛሬ በወር 20 ኪሎ የተቆላ ቡና ይወጣዋል። በቅርቡ አንድ ድርጅት በወር 100 ኪሎ ልታቀርብልን ትችላለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔና ባለቤቴ በእቁብና በቁጠባ ለቤት ብለን ያጠራቀምነው 600 ሺህ ብር አለ። ጥያቄው ይህን ገንዘብ የሚነካ ስለሆነ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። ከዚያ ቁጭታ የወጣውን ላካፍላችሁ፤ እናንተ የምትሠሩት ሽሮ ይሁን ሳሙና፣ አቆጣጠሩ ሊጠቅማችሁ ይችላል። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲቀሉ ደፍኛቸዋለሁ።

ከአንዱ ኪሎ እንጀምር። ጥሬ ቡና 800 ብር ገዛሁ እንበል። መጀመሪያ ይለቀማል፤ የተነቀዘው፣ የጠቆረው፣ የተሰበረው ሲወጣ 50 ግራም ያህል ይቀንሳል። ከዚያ ሲቆላ ውስጡ ያለው ውሃ ይተንናል፣ ገለባው ይረግፋል። መካከለኛ ቆላ ከክብደቱ 15 እና 16 በመቶ ይወስዳል፤ ጠቆር ያለ ቆላ ከዚያም በላይ። ስለዚህ ከ1 ኪሎ ጥሬ በእጄ የሚቀረው 800 ግራም ገደማ ነው። ይህ ማለት 1 ኪሎ የተቆላ ቡና፣ ገና ሳይታሸግ፣ 1,000 ብር ወጥቶበታል። አራት የ250 ግራም ከረጢቶች ከነመለያቸው 100 ብር፣ ጋዝና ትራንስፖርት 60 ብር ሲጨመር 1,160 ይሆናል። አንዷን ከረጢት በ400 ብር ስሸጥ ኪሎው 1,600 ያስገባል። ከግብር በፊት የሚቀረኝ 440 ብር ነው። በ20 ኪሎ 8,800 ብር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስሌቱን ይዘጋል። ዋናው ጥያቄ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው፦ ይህ 8,800 ብር የስንት ሰዓት ዋጋ ነው?

መቁያዬ በጋዝ የሚሠራ፣ በእጅ የሚዞር፣ በአንድ ጊዜ ግማሽ ኪሎ ጥሬ የሚይዝ ነው። ለ20 ኪሎ 48 ጊዜ መቁላት አለብኝ። አንዱ ቆላ ከማሞቁና ከማቀዝቀዙ ጋር 20 ደቂቃ ስለሚወስድ፣ በድምሩ 16 ሰዓት። ለቀማው 12 ሰዓት። ማሸጉ 6 ሰዓት። ማድረሱ፣ ስልኩ፣ «ነገ እልክልሃለሁ» ያለውን ማስታወሱ 10 ሰዓት። ጠቅላላ 44 ሰዓት ነው፤ ለአንዱ ሰዓት 200 ብር ይደርሰኛል ማለት ነው።

ለአንድ ጽሑፍ 15 ሰዓት ሠርቼ 6,000 ብር ይከፈለኛል፤ ሰዓቱ 400 ብር። ታዲያ ቡናው ግማሽ ብቻ ከከፈለ ለምን አልተወውም? እሑድ ስለሆነ ነው። እሑድ የሚከፍለኝ አዘጋጅ የለም። የእሑድ ሰዓት የሚወዳደረው ከእረፍቴና ከልጆቼ ጋር ነው፤ ቡናው ሲንጣጣ መስማት ደግሞ ለኔ ከእረፍት የሚቆጠር ነው። የማክሰኞ ሰዓት ግን ሌላ ዋጋ አለው። አንድ ሰዓት ስንት ያወጣል የሚለውን ለመመለስ መጀመሪያ የየትኛው ቀን ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ 100 ኪሎው እንሂድ። ድርጅቱ በጅምላ ዋጋ፣ ኪሎውን በ1,350 ብር ይገዛል፤ የሚከፍለው ቡናውን ከተረከበ ከ45 ቀን በኋላ ነው። ማሸጊያው ባለ 1 ኪሎ ስለሚሆን ወጪዬ ወደ 1,100 ይወርዳል። በኪሎ 250 ብር፣ በወር 25 ሺህ ብር። ከ8,800 ጋር ሲነጻጸር ያጓጓል።

ነገር ግን በኔ መቁያ 100 ኪሎ ለማውጣት ከ230 ጊዜ በላይ መቁላት አለብኝ። ያ 80 ሰዓት ገደማ ነው፤ ለቀማው ሌላ 60 ሰዓት ይጠይቃል። በእጅ አይሆንም። ስለዚህ 5 ኪሎ የሚይዝ ማሽን መግዛት የግድ ይላል። የቤቱ 600 ሺህ የሚገባው እዚህ ነው። ማሽኑ የሚያወጣውን ጭስ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ጎረቤት አይችለውም፤ ቤት መከራየት ሊኖር ነው፣ 15 ሺህ ብር። ለቃሚ መቅጠር 8 ሺህ። ማሽኑ በ5 ዓመት ዋጋውን ይመልስ ከተባለ በወር 10 ሺህ። ድምሩ 33 ሺህ ብር፤ ገቢው 25 ሺህ። በወር 8 ሺህ ብር እየከሰርኩ፣ የማክሰኞና የረቡዕ ሰዓቴንም እሰጣለሁ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ትርፍ ሥራ የሚሞተው። ለእጅ በጣም የበዛ፣ ለማሽን በጣም ያነሰ መሃል ሜዳ አለ። 33 ሺህ ለ250 ሲካፈል 132 ኪሎ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የምቆላው ለአከራይና ለማሽኑ ነው። ጋዜጠኝነቱን ትቼ ለራሴ 30 ሺህ ብር ደመወዝ ልክፈል ካልኩ ደግሞ 250 ኪሎ ገደማ መሸጥ አለብኝ። የቀረበልኝ 100 ኪሎ ነው፤ ያውም ከአንድ ገዢ።

ሌላም አለ። 45 ቀን ሙሉ ሳይከፈለኝ ሳቀርብ፣ የ150 ኪሎ ወጪ፣ 165 ሺህ ብር ያህል፣ ሰው ዘንድ ይቀመጣል። ይህ ገንዘብ ትርፍ ላይ የማይታይ፣ ግን ከኪስ የወጣ ገንዘብ ነው። በእነዚያ 45 ቀናት ውስጥ የቡና ዋጋ ዝም ብሎ አይጠብቀኝም። ይህን ቻናል የሚከታተል ሰው ያስታውሳል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በየካቲት 2017 ደግሞ በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ በፓውንድ ደርሶ ታሪክ ሠራ። ለላኪው መልካም ዜና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሬ ገዝቶ ለሚቆላ ሰው ግን ያው ዜና የወጪ ዜና ነው።

ምን ያህል? ጥሬው ከ800 ወደ 900 ቢወጣ፣ ጭማሪው ለኔ 100 ብር አይደለም። በለቀማና በቆላ የሚጠፋው ስላለ 1 ኪሎ የተቆላው በ125 ብር ይወደዳል። በጅምላ የማገኘው 250 ብር በአንድ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። ዋጋው በውል የታሰረ ከሆነ ምንም ማድረግ አልችልም። በ20 ኪሎዬ ግን ለደንበኛዬ «ከዚህ ወር ጀምሮ 430 ሆኗል» ብዬ መልእክት እልካለሁ፤ የፈለገ ይገዛል፣ ያልፈለገ ይቀራል። ትንሽነት የሚሰጠው ነጻነት ይህ ነው።

ባለቤቴ አንድ መውጫ አሰበች፦ «ማሽን ካለው ሰው ጋር በኪሎ እየከፈልክ ብታስቆላስ?» ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በዚህ ከተማ የሚሠራበትም ነው። በኪሎ 100 ብር ብከፍል 15 ሺህ ይቀራል፤ ለቃሚዋ ስትከፈል 7 ሺህ። ማሽንም ኪራይም የለም። ግን ብድሩና የዋጋው ስጋት እንዳለ ነው፤ መቁላቱን ለሌላ ሰጥቼ ለኔ የሚተርፈኝ ገንዘብ መሰብሰብና መደራደር ነው። የምወደውን ሰጥቼ የማልወደውን ልይዝ፣ ያውም አሁን ከማገኘው ላነሰ ገንዘብ። «እንግዲያው ተወው» አለች።

ድርጅቱን አመስግኜ አልችልም አልኩ። ይሁን እንጂ ትንሽ ሆኖ መቆየት እንደነበሩ መቆየት አይደለም። የ44ቱን ሰዓት ዝርዝር መልሰን አየነው። የተለቀመ ቡና ኪሎው በ80 ብር ይወደዳል፤ ለወሩ የሚያስፈልገኝ 23 ኪሎ ከ750 ግራም ስለሆነ፣ ካልተለቀመው ጋር ሲነጻጸር 900 ብር ብቻ ይጨምርብኛል። በ900 ብር 12 ሰዓት ገዛሁ፤ አንዱን ሰዓት በ75 ብር ማለት ነው። ቤት ለቤት ማድረሱን አስቀርቼ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቦታ መጥተው እንዲወስዱ፣ ሲያዙም ቀድመው እንዲከፍሉ አደረግኩ፤ 10 ሰዓቱ 4 ሆነ። ሁለት ደንበኛ ቀረብኝ፣ ቦታቸውን ተራ የሚጠብቁ ሞሉት። አሁን 7,900 ብር በ26 ሰዓት አገኛለሁ፤ ሰዓቱ ከ300 ብር በላይ። አንድም ኪሎ ሳልጨምር።

የማቆሚያውንም ቁጥር አስቀምጠናል፤ ሲጨንቅ የሚደረግ ውሳኔ ስለማይታመን አስቀድሞ መጻፉ ይሻላል። የተለቀመው ጥሬ ቡና ከ1,100 ብር አልፎ ደንበኞቼ ከ400 በላይ አንከፍልም ካሉ፣ በኪሎ የሚቀረኝ ከ150 ብር አይበልጥም፤ ሰዓቱም ከ120 ብር በታች ይወርዳል። ያን ቀን ሽያጩ ይቆማል፤ የቤቱ ቡና ይቀጥላል።

የማስፊያውም ቁጥር አለ። ቢያንስ ሦስት ገዢዎች፣ በአንድነት ከ250 ኪሎ ያላነሰ፣ ግማሹን ቀድመው የሚከፍሉ፣ የጥሬው ዋጋ ሲለወጥ ዋጋውን ለመከለስ በውል የሚስማሙ። እነዚህ ከመጡ ወረቀቱን እንደገና እናወጣዋለን። እስኪመጡ ድረስ 600 ሺህው ለታሰበለት ለቤቱ ነው።

እናንተስ? ትርፍ ሥራችሁ በሰዓት ስንት ይከፍላችኋል? የየትኛው ቀን ሰዓት ነው?